የትኩሳት ሽሮፕ በማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ፦ እኔ ለልጄ እንዴት እንደምለካ

ቤታችሁ ያሉትን ትንንሽ ማንኪያዎች በሙሉ አውጡና ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው። ከዚያ መርፌ የሌለው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያዙና ውሃ ስባችሁ እያንዳንዱን ማንኪያ እስከ አፉ ሙሉት። ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ያኔ ታያላችሁ።

እኔ ይህን ያደረግኩት አንድ ፋርማሲስት ስላሳየኝ ነው። ለልጄ የትኩሳት ሽሮፕ ልገዛ ሄጄ "አንድ የሻይ ማንኪያ ነው አይደል የምሰጣት?" ብዬ ስጠይቀው መልሶ "ስንት ኪሎ ናት?" አለኝ። ኪሎዋን ነገርኩት። ካርቶኑ ላይ "5 ሚሊ ሊትር" ብሎ ጻፈ፣ "ማንኪያ" የሚለውን አልጻፈም። "የቤት ማንኪያ አትጠቀሚ፣ ሲሪንጅ ልስጥሽ" አለኝና የመርፌውን ጫፍ ነቅሎ እዚያው ሴፍቲ ቦክሳቸው ውስጥ ጣለው፣ ባዶውን ሲሪንጅ ሰጠኝ። ቤት ስገባ ማንኪያዎቹን ለካሁ። ቡና ላይ ስኳር የምናማስልባት ቀጭኗ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ያዘች። ሌላዋ ወደ 5 ተጠጋች። ጎድጎድ ያለችዋ 7 ያዘች። ምግብ የምንበላበት ማንኪያ ደግሞ 12 አካባቢ። ሁሉንም ቤት ውስጥ "ማንኪያ" ነው የምንላቸው። ሌሊት መብራት በጠፋበት ሰዓት ልጅ እያለቀሰች እጃችሁ የሚገባው የትኛው እንደሆነ ደግሞ አታውቁም።

ይህ ልዩነት ልጁ ላይ ምን እንደሚያመጣ በቁጥር ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ የገባኝ ቁጥሩን ሳየው ነው።

ሽሮፑ ውስጥ ያለው መድኃኒት ፓራሲታሞል ነው፣ ለሕፃን የሚሰላውም በኪሎ ነው። ለአንድ ኪሎ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። በመካከሉ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት መቆየት አለበት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። የኔ ልጅ ዓመት ከመንፈቋ ነው፣ 11 ኪሎ ትመዝናለች። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልጋት ከ110 እስከ 165 ሚሊ ግራም ነው። የገዛሁት ሽሮፕ በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው። 5 ሚሊ ሊትር ስሰጣት 120 ሚሊ ግራም አገኘች ማለት ነው፣ ልክ ነው።

አሁን ያንኑ ሽሮፕ በቀጭኗ ማንኪያ ስጧት። 3 ሚሊ ሊትር 72 ሚሊ ግራም ነው፣ ለአንድ ኪሎ 7 እንኳን አይሞላም። ትኩሳቱ በደንብ አይወርድም። እናት ደግሞ "መድኃኒቱ አልሠራም" ትላለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ትደግማለች፣ ወይም ሌላ የጉንፋን ሽሮፕ ትጨምራለች። ብዙ ሰው የማያየው ጉዳት ይሄ ነው። የጉንፋን ሽሮፖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፣ ስለዚህ ልጁ ሳይታወቅ አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም ይወስዳል። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ግን ማንኪያዋ ትንሽ ስለነበረች ነው።

በምግብ ማንኪያው ብትሰጧትስ? 12 ሚሊ ሊትር 288 ሚሊ ግራም ነው። ለአንድ ኪሎ 26 መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ጉዳት አያመጣም። ነገር ግን ትኩሳት አንድ ቀን ብቻ አይቆይም። በቀን አራት ጊዜ እየሰጡ ሁለት ሦስት ቀን ከቀጠሉ፣ በተለይ ልጁ ምግብ እምቢ ብሎ ሆዱ ባዶ ከሆነ፣ ጉበቱ ላይ አደጋ ይመጣል። ፓራሲታሞል በልኩ ሲሰጥ በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው። ሲበዛ የሚጎዳው ጉበትን ነው፣ ጉዳቱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ አይታይም።

እዚህ ላይ ግን ሲሪንጅ የገዛ ሁሉ ነገሩ የተፈታለት እንዳይመስለው። ሲሪንጅ የሚለካው የፈሳሹን ብዛት ብቻ ነው። ውስጡ ያለውን የመድኃኒት ጥንካሬ አይነግራችሁም። ለኔ ከማንኪያው ጉዳይ በላይ ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው።

የመጀመሪያው ጠርሙስ አለቀና ሌላ ፋርማሲ ሄጄ "ፓራሲታሞል ሽሮፕ" አልኩ። ሰጡኝ። ቤት ስደርስ ጽሑፉን ሳነብ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ይላል። ጠርሙሱ ያው ነው፣ ቀለሙም ጣዕሙም ተመሳሳይ ነው። የለመድኩትን 5 ሚሊ ሊትር ብሰጣት ኖሮ እጥፍ ይሆን ነበር። ለዚህኛው የሚያስፈልጋት 2.4 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 250ን ለ5 አካፍሉት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። 120 ለ50 ሲካፈል 2.4 ይመጣል። ለሕፃን በጠብታ የሚሰጠው ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል። በአንድ ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ያለው አለ። ለኔ ልጅ 1.2 ሚሊ ሊትር ይበቃታል። እሱን 5 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ማንኪያ ሞልቶ መስጠት ማለት ለ11 ኪሎ ልጅ የአዋቂ አንድ ሙሉ ኪኒን፣ 500 ሚሊ ግራም፣ መስጠት ነው።

ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁም ይህን አስተውሉ። ከአሜሪካ የሚመጣው ታይሌኖል የሚባለው የልጆች ፓራሲታሞል በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ነው። እዚያ ለጨቅላ የሚሸጠውና ለትልልቅ ልጆች የሚሸጠው ድሮ ጥንካሬያቸው ይለያይ ነበር። ከ2011 ጀምሮ ግን አምራቾቹ ወደ አንድ አመጡት፣ ልዩነቱ አሁን ባብዛኛው አንዱ ከሲሪንጅ ጋር ሌላው ከትንሽ ኩባያ ጋር መምጣቱ ነው። እህቴ ልካልኝ ለኔ ልጅ 4 ሚሊ ሊትር አካባቢ መሆኑን ፋርማሲስት አስልቶልኛል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ቤት በገባ ቁጥር መጀመሪያ "በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም?" የሚለውን አነባለሁ። ከዚያ ለዚያ ጠርሙስ የሚሆነውን ሚሊ ሊትር በማርከር ራሱ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ እጽፋለሁ። ካርቶን ይጠፋል፣ ጠርሙስ ላይ የተጻፈ አይጠፋም።

እናንተ ደግሞ የኔን ልጅ ቁጥር ለልጃችሁ አትውሰዱ። ኪሎው የተለየ ነው። ልጃችሁን አስመዝኑ፣ ፋርማሲስቱን "ለዚህ ኪሎ፣ ለዚህ ጠርሙስ፣ ስንት ሚሊ ሊትር?" ብላችሁ ጠይቁት። "አንድ ማንኪያ" ብሎ ከመለሰላችሁም "በሚሊ ሊትር ንገረኝ" በሉት፣ አታፍሩ። ለክትባት ወይም ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ኪሎው ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ካርዱን ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት።

አሁን አለካኩ። ለዚህ ዕድሜ ልጅ ባለ 5 ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ ጥሩ ነው። ከአምስት በታች ያለውን በትክክል ያሳያል፣ ባብዛኛው ትንንሾቹ መስመሮች እያንዳንዳቸው 0.2 ናቸው። ትልቁ ባለ 10 ለትንሽ መጠን አይመችም። ለጠብታው ደግሞ ባለ 1 ወይም ባለ 2 ሚሊ ሊትር ይሻላል። ለአፍ ብቻ ተብሎ የተሠራ ሲሪንጅ ካገኛችሁ እሱ ከሁሉም ይበልጣል፣ ጫፉ ላይ መርፌ አይገባበትም። ካላገኛችሁ የመርፌውን ሲሪንጅ ግዙና መርፌውን እዚያው ፋርማሲ አስነቅላችሁ አስቀርታችሁት ኑ። መርፌውን ወደ ቤት አታምጡ። ጫፉ ላይ ትንሽ ክዳን ያለው ሲሪንጅ ከሆነ ደግሞ ክዳኗን ወዲያው ጣሏት፣ ልጅ አፍ ውስጥ ገብታ ጉሮሮ ልትዘጋ ትችላለች።

መጀመሪያ ጠርሙሱን በደንብ አነቃንቃለሁ። ብዙዎቹ የፓራሲታሞል ሽሮፖች መድኃኒቱ ታች የሚዘቅጥባቸው ናቸው። ካልነቀነቁት የላይኛው ቀጭን፣ የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል፣ በሲሪንጅ ብትለኩት እንኳን ልኩ ይዛባል። ከዚያ ትንሽ ንጹሕ ሲኒ ውስጥ እቀዳለሁ፣ ከሲኒው ነው የምስበው። ጠርሙሱ ሲጎድል ሲሪንጁ አይደርስም፣ አዘንብሎ መሳብ ደግሞ ያፈሳል። ከሲኒው የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ አልመልስም፣ ስለዚህ ከሚያስፈልገው ትንሽ ብቻ አብልጬ ነው የምቀዳው። አንዳንድ ጠርሙስ አፉ ላይ ለሲሪንጅ የተዘጋጀ የፕላስቲክ ቀዳዳ አለው፣ እሱ ካለ ሲሪንጁን ሰክታችሁ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ መሳብ ነው።

ስስብ ቀስ ብዬ ነው። ሽሮፕ ወፍራም ስለሆነ በፍጥነት ከሳባችሁት አረፋ ይገባል። አረፋ ያለበት ቦታ መድኃኒት የለበትም፣ 5 ላይ ደርሶ እንኳን 4 ብቻ ሊሆን ይችላል። አረፋ ከገባ ሲሪንጁን ጫፉን ወደ ላይ አቁሜ በጣቴ መታ መታ አደርገዋለሁ፣ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ገፋ አድርጌ አስወጣውና የጎደለውን እንደገና እስባለሁ። መጠኑን የማነብበው ጥቁሯ ጎማ ከፈሳሹ ጋር በምትገናኝበት የዙሪያ ጠርዝ ላይ ነው። አንዳንዷ ጎማ መሃሏ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ሾጣጣውን አይታችሁ እንዳታነብቡ፣ ሲሊንደሩን የነካውን ጠርዝ ነው የምታዩት። ዓይናችሁ ከመስመሩ ጋር እኩል ይሁን። ከላይ ወይም ከታች ካያችሁት ይሸውዳችኋል። ሰጥታችሁ ስትጨርሱ ጫፉ ላይ የምትቀረዋን ጠብታ ውሃ ስባችሁ አጥባችሁ አታጠጡት፣ እሷ በልኩ ውስጥ አልተቆጠረችም።

አሰጣጡ ላይ ብዙ ወላጅ ይቸገራል፣ እኔም ልጄ ከንፈሯን ትገጥማለች። ጭኔ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀምጣታለሁ፣ ጀርባዋ ደረቴን ተደግፎ፣ አንዱ እጇ ከኔ ክንድ ሥር ሆኖ። በፍጹም አስተኝቼ አልሰጥም፣ ትን ይላታል። የሲሪንጁን ጫፍ በከንፈሯ ጥግ አስገብቼ በጉንጯና በድዷ መካከል አደርገዋለሁ። ወደ ጉሮሮ ቀጥ አድርጎ መግፋት አደጋ አለው፣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ትንሽ እገፋለሁ፣ እስክትውጥ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ ትንሽ። አፍንጫ ማፈን የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት። ስታለቅስ አፏ ተከፍቷል ብላችሁም አትግፉ፣ ያኔ አየር እየሳበች ነው። ከጨረሰች በኋላ ውሃ ወይም ጡት እሰጣታለሁ። ጡጦ ውስጥ ከወተት ጋር መቀላቀል ግን አይሆንም፣ ወተቱን ካልጨረሰች ስንት እንደወሰደች ማን ያውቃል?

ካስታወከች? ከሰጠኋት በ30 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒቱን ካወጣችው ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ እደግማለሁ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ከሆነ አልደግምም፣ ቀጣዩን ሰዓት እጠብቃለሁ። የሰጠኋትን ሁሉ የምታስመልስ ከሆነ ግን ነገሩ ሐኪም ቤት ነው የሚያስኬደው።

አሁን ስለ ሰው ላውራ። ልጄን ቀን ቀን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። "እኔ እናንተን በማንኪያ ነው ያሳደግኳችሁ" አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ዓይኗ ደግሞ ትንንሾቹን መስመሮች አያይላትም። ከእሷ ጋር ከመከራከር ሌላ መንገድ ፈለግኩ። በሲሪንጁ ላይ ልኩ ጋ በማይለቅ ማርከር ወፍራም ቀይ መስመር አሰመርኩ፣ "እማዬ፣ ጥቁሯ እዚህች ቀይ ጋ ስትደርስ አቁሚ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከኔ እኩል ትለካለች። ሞግዚት ያላችሁም እንዲሁ አድርጉ። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ። ቀለሙ በመታጠብ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ዋናውን ቁጥር እያያችሁ አድሱት። ጠርሙሱ ሲቀየር ወይም ልጁ ኪሎ ሲጨምር ደግሞ የድሮውን መስመር አጥፉት ወይም አዲስ ሲሪንጅ ያዙ። አሮጌ ቀይ መስመር ያለበት ሲሪንጅ በአዲስ ጠርሙስ ላይ ከማንኪያም የባሰ ነው፣ ሰው አምኖት ይሰጣል።

ማቀዝቀዣው ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፌያለሁ። የሰጠ ሰው ሰዓቱንና መጠኑን ይጽፋል። ማታ 2 ሰዓት እኔ ከሰጠኋት፣ ባለቤቴ ሌሊት ተነሥቶ ሲያየው ቀጣዩ 8 ሰዓት መሆኑን ያውቃል። ያለ ወረቀት ሁለት ሰው ተራ በተራ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ መስጠት በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ሲሪንጁ ምንም ያህል ልክ ቢሆን።

ከሰጠሁ በኋላ ሲሪንጁን ዘንጉን ነቅዬ አውጥቼ በሞቀ ውሃና ሳሙና አጥባለሁ፣ ለየብቻ አድርቄ ነው መልሼ የምገጥመው። አልቀቅለውም፣ ፕላስቲኩ ሊጣመም ይችላል። ቁጥሮቹ መደብዘዝ ሲጀምሩ ወይም ጎማዋ እየተንገጫገጨች አልሄድ ስትል እጥለዋለሁ። ዋጋው ከሽሮፑ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ከልጁ በስተቀር ሌላ ሰው አይጠቀምበትም።

ከሽሮፑ ጋር የሚመጣው ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያስ የሚል ይኖራል። ከማንኪያ ይሻላል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ በዓይን እኩል ካነበባችሁት ለ5 ወይም ለ10 ይሠራል። እንደ 2.4 ላለ ትንሽ መጠን ግን አይሆንም፣ ግድግዳው ላይም የሚቀረው ብዙ ነው። የሌላ መድኃኒት ኩባያን ለዚህኛው መጠቀም ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፣ መስመሮቹ ይለያያሉ።

ከልክ በላይ መሰጠቱን ካወቃችሁ፣ ለምሳሌ የ250ውን እንደ 120 ቆጥራችሁ ደጋግማችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ራሱ ጠርሙሱን አግኝቶ ጠጥቶ ከሆነ፣ ልጁ ደህና ቢመስልም ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። መጀመሪያው ቀን ላይ ምልክቱ ማቅለሽለሽና ምግብ መጥላት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ምንም አይታይም። ዓይን ቢጫ የሚሆነው ዘግይቶ ነው። መድኃኒቱን የሚያረክስ ሕክምና አለ፣ በደንብ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። ለማስታወክ ብላችሁ ጣት አትክተቱ፣ ወተት ያረክሰዋል ብላችሁም ጊዜ አታጥፉ።

እና ሽሮፑ ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ በሽታውን አያድንም። እኔ የምሰጣት በቴርሞሜትር ለክቼ 38.5 ሲደርስ፣ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ሕመሙ ሲያስጨንቃት ነው። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰ ሽሮፕ ሳትሞክሩ ቀጥታ ጤና ተቋም ነው። ትልቅ ልጅም ቢሆን መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ዝልፍልፍ ብሎ አልነቃ ካለ ጊዜ አትስጡት። ወባ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ፣ ወይም ከዚያ ተመልሳችሁ ከሆነ፣ ትኩሳቱ በሽሮፕ ቢወርድም በዚያው ቀን ደም አስመርምሩ።